የብራንድ ስም ስትከታተሉ አለርቱ ወይ ያጥለቀልቃል ወይ ዝም ይላል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የብራንዳችሁ ስም ተራ ቃል ከሆነ ኪወርድ ሞኒተሪንግ ላይ፣ ማለትም ስማችሁ የተጠራበትን ፖስት በቱል ስትከታተሉ፣ ሁለት አይነት ችግር ነው ሚገጥማችሁ። አንደኛው አለርቱ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል ግን ሚያመጣው ሁሉ እናንተን ማይመለከት ፖስት ነው፣ ሁለተኛው ደሞ ፊልተሩን ካጠበቃችሁ በኋላ ጸጥ ይላል፣ እናንተ ተገላገልን ብላችሁ ስትቀመጡ ደንበኛ ሲያማርር ሳታዩት ያልፋል። የመጀመሪያው ያበሳጫል እንጂ ያን ያህል አይጎዳም ምክንያቱም ገለባው አይናችሁ ስር ነው፣ ሁለተኛው ግን አይታይም፣ የጠፋ ፖስት መጥቶ ጠፍቻለሁ አይልም። እኔ በዚ ስራ ላይ ብዙ ዋጋ የከፈልኩት በሁለተኛው ነው፣ ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ እያንዳንዱን ፊልተር ስትጨምሩ ምን እንዳጠፋ ማየት ምትችሉበት መንገድ አብሮ እንዲኖር ነው ምፈልገው።

ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ልሂድበት። ደረሰኝ ሚያዘጋጅና ሂሳብ ሚይዝ አፕ አለ እንበል፣ ስሙ ሊፍ፣ በላቲን Leaf። በእንግሊዝኛ ቅጠል ማለት ስለሆነ ዛፍና አበባ ምትወድ ሴትዮ ስትጽፍ ይመጣል፣ ኒሳን ሊፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል፣ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሚባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ጨዋታ ባለው ሌሊት ሁሉ ይመጣል፣ የሻይ ቅጠል ይመጣል። በአማርኛ ደሞ ሊፍት ተበላሸ ያለ ሰው፣ ሪሊፍ አገኘሁ ያለ ሰው ይመጣል። በዚ ሁሉ መሃል "ሊፍ ላይ ደረሰኙ ሁለት ጊዜ ወጣብኝ" ሚል አንድ ሰው አለ፣ ፍለጋው ሁሉ ለሱ ነው።

ምልክት 1፦ አለርቱ ያጥለቀልቃል፣ ከመቶው አምስት ስድስቱ ብቻ ናቸው የኛ

ብዙ ሰው እዚ ጋ ሲደርስ ወዲያው ሚያስቀር ቃል መጨመር ይጀምራል፣ አንድ ኒሳን አይቶ -nissan፣ አንድ ዛፍ አይቶ -tree እያለ። እባካችሁ ከዚ በፊት ግማሽ ሰአት ስጡትና የመጡትን ቁጠሩ። ካለፈው ሳምንት 200 ፖስት ውሰዱ፣ ግን የመጨረሻዎቹን 200 አይደለም፣ ከተለያየ ቀንና ሰአት በእጣ የተመረጡ ይሁኑ ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ 200 የአንድ ምሽት ጨዋታ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዛ እያንዳንዱን በአንድ ቃል ሰይሙት፦ መኪና፣ ዛፍ፣ ሆኪ፣ ሻይ፣ ሊፍት፣ የኛ። መልስ ለመስጠት አታንብቡ፣ መሰየም ብቻ። ስትጨርሱ አብዛኛው ገለባ ከሶስት ወይ ከአራት ክምር እንደሚመጣ ታያላችሁ፣ የቀረው ደሞ አንድ አንድ እያለ የተበታተነ ነው። ያ የተበታተነው በሚያስቀር ቃል መቼም አያልቅም፣ እሱን ላሳድድ ካላችሁ ዝርዝራችሁ መቶ ቃል ይደርሳል ገለባው ግን እዛው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ባዶ ስም ብቻውን ምንም ማስረጃ አይሆንም። leaf የሚል ቃል መኖሩ ስለናንተ እየተወራ እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ሚነግራችሁ አጠገቡ ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ መፍትሄው ስሞቹን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ጠንካራ ስም ነው፣ ማለትም ብቻውን ቢመጣ እንኳ እናንተን ብቻ ሚያመለክት፦ የአካውንታችሁ ስም፣ የዌብሳይታችሁ አድራሻ፣ የራሳችሁ ሃሽታግ፣ "ሊፍ አፕ" ሚለው ሁለት ቃል አንድ ላይ። ይሄ ምንም ፊልተር ሳይነካው በቀጥታ ይለፍ። ሁለተኛው ደካማ ስም ነው፣ leaf እና ሊፍ ብቻቸውን፣ ይሄ ሚያልፈው አጠገቡ የስራችሁ ቃል ሲኖር ነው፣ እንደ ደረሰኝ፣ ሂሳብ፣ ክፍያ፣ invoice፣ receipt፣ አልከፍት አለኝ፣ ሎግኢን። ሚያስቀር ቃል ካስፈለገ ደካማው መስመር ላይ ብቻ ነው ሚገባው። በብዙ ቱሎች ላይ እንዲህ ይጻፋል፣ የNEAR አጻጻፍ ከቱል ቱል ስለሚለያይ የራሳችሁን እዩ፦

```
("leaf app" OR leafapp OR "ሊፍ አፕ")
OR
( (leaf OR ሊፍ)
  NEAR/8
  (invoice OR receipt OR ደረሰኝ OR ሂሳብ OR ሒሳብ)
  NOT (nissan OR hockey OR "tea leaf") )
```

NEAR/8 ማለት በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ከስምንት ቃል አይብለጥ ነው። ተራ AND ከተጠቀማችሁ ረጅም ጽሁፍ ላይ leaf መጀመሪያ አንቀጽ ላይ፣ receipt ደሞ መጨረሻ ላይ ለሌላ ጉዳይ ተጽፎ ያልፍላችኋል፣ ርቀቱ ነው ሚያድናችሁ። አማርኛ ላይ ደሞ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል ምክንያቱም እንግሊዝኛ በአምስት ስድስት ቃል ሚለውን እኛ "ስላልከፈተልኝ" ብለን በአንድ እንጨርሰዋለን፣ ስምንት የአማርኛ ቃል አንዳንዴ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ከስድስት ጀምሬ ነው እያየሁ ምጨምረው።

የስራ ቃላቱን ከራሳችሁ ጭንቅላት አታውጡ። በ200ው ውስጥ "የኛ" ያላችኋቸውን ፖስቶች አንብቡ፣ የደንበኛ ጥያቄ የሚመጣበት ኢንቦክስ ካላችሁ እሱንም። ሰው "ኢንቮይስ ማመንጫ" አይልም፣ "ደረሰኝ ሚቆርጠው አፕ" ነው ሚለው፣ ያ ነው መግባት ያለበት።

ምልክት 2፦ ቃሉ ውስጡ ያለበት ሁሉ ይመጣል

ኦቨርሊፍ የሚባለው የላቴክ ጽሁፍ ማዘጋጃ፣ leaflet የሚለው ቃል፣ leafy ምናምን እየመጣ ከሆነ ቱሉ ቃሉን እንደ ሙሉ ቃል ሳይሆን እንደ ተከታታይ ፊደል ነው ሚፈልገው ማለት ነው። ሆኪው ማለትም leafs ብቻ እየመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቱሉ ቃሉን ወደ ግንዱ እየመለሰ leafs እና leaf አንድ ናቸው እያለ ነው። ሁለቱ ምልክታቸው ይመሳሰላል መፍትሄያቸው ግን ይለያያል፣ የመጀመሪያው ሙሉ ቃል ወይም ትክክለኛ ቃል ሚል ሴቲንግ ሲበራ ይቆማል፣ ሁለተኛው አንዳንድ ቱል ላይ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ስትከቱት ይቆማል አንዳንዱ ላይ ግን አይቆምም፣ ካልቆመ leafs ሚለውን ለብቻው ማስቀረት ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ነገሩ እዚ ጋ ያልቃል። አማርኛ ላይ ግን ያው ማስተካከያ ራሱ ነው አዲስ ችግር ሚፈጥረው፣ ቀጥሎ ያለው ስለሱ ነው።

ምልክት 3፦ በእንግሊዝኛ ሚጻፈው ይያዛል፣ በአማርኛ ሚጻፈው ግን ግማሹ ይጠፋል

እዚ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቱሎቹ ሲሰሩ አማርኛ ታስቦ ስላልሆነ ማንም አይነግራችሁም።

ሙሉ ቃል ብላችሁ ስታበሩ ቱሉ ሚፈልገው በግራና በቀኝ ክፍተት ያለበትን ሊፍ ብቻ ነው። እኛ ግን የሊፍ፣ በሊፍ፣ ለሊፍ፣ ከሊፍ፣ ስለሊፍ፣ ሊፍን፣ ሊፍም፣ ሊፍስ ነው ምንለው። እንደውም ቅሬታ ያለው ሰው ስሙን ባዶውን ሚጽፈው ጥቂት ጊዜ ነው፣ "በሊፍ ልኬ አልደረሰም"፣ "የሊፍ ነገር ሰልችቶኛል" ነው ሚለው፣ ስለዚህ ሚጠፋባችሁ ማየት የነበረባችሁ ፖስት ነው። ሙሉ ቃል ሚለውን ስታጠፉት ደሞ ሊፍትና ሪሊፍ ይመለሳሉ።

ቱላችሁ ሬጀክስ፣ ማለትም ሚፈለገውን የቃል ቅርጽ በምልክት መግለጫ አጻጻፍ፣ ሚቀበል ከሆነ አንድ መስመር ሁለቱንም ይፈታል፦

```
(?<![ሀ-ፚ])(የ|በ|ለ|ከ|ስለ|እንደ)?ሊፍ(ን|ም|ስ|ና)?(?![ሀ-ፚ])
```

ሲነበብ፦ ከፊቱ ሌላ የግእዝ ፊደል የሌለበት፣ ቢኖርም ከነዚ ቅጥያዎች አንዱ የሆነ፣ ከዛ ሊፍ፣ ከኋላው ደሞ ከነዚ አንዱ ወይ ምንም። ሊፍት ይወድቃል ምክንያቱም ት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ሪሊፍ ይወድቃል ምክንያቱም ሪ የለችም፣ "ከሊፍም" ያልፋል። ሊፉ ብሎ ሚጽፍ ሰው ግን ያመልጣል፣ ፍ ወደ ፉ ስለተቀየረች፣ እሱን ካስፈለጋችሁ ሊፍ ያለበት ቦታ ሊ[ፍፉ] አድርጉት።

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው \b ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ ሁሉም ሰው የቃል ድንበር ለመለየት ሚጠቀመው። ጃቫስክሪፕት ላይ \b ሚያውቀው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ምልክቷን _ ብቻ ነው፣ ስለዚህ `\bሊፍ\b` ብላችሁ ብትጽፉ በአማርኛ ጽሁፍ መሃል ምንም አያገኝም፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ዜሮ ይመልሳል። ፓይተን 3 ላይ ይሰራል ግን የሊፍን አያገኝም። ሁለተኛው ወጥመድ የፊደሉን ክልል ሙሉውን መውሰድ ነው፣ በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ሚባለው ክፍል ከU+1200 እስከ U+137F ነው ግን አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እዛው ውስጥ ናቸው፣ ሙሉውን ከወሰዳችሁ "በሊፍ።" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን የጨረሰ ሰው ይወድቅባችኋል፣ ። ፊደል መስላ ስለታየችው። ለዚህ ነው ከላይ ሀ-ፚ ያልኩት፣ እሱ ከU+1200 እስከ U+135A ያሉትን ብቻ ነው ሚወስደው፣ ነጥቦቹ ከዛ በኋላ ነው ሚጀምሩት።

ሬጀክስ ማይቀበል ቱል ከሆነ ያው ቅርጾቹን በOR መደርደር ነው፣ የሊፍ OR በሊፍ OR ለሊፍ እያሉ፣ አሰልቺ ነው ግን አንድ ጊዜ ነው ሚሰራው።

ሌላው የሞክሼ ፊደል ነገር ነው። ሊፍ ሚለው ላይ ሞክሼ የለም ግን የስራ ቃላቱ ላይ አለ፣ ሂሳብ ሚለውን ሰው ሂሳብ፣ ሒሳብ፣ ሂሣብ፣ ሒሣብ ብሎ ይጽፈዋል፣ ኂን ከጨመርን ስድስት ቅርጽ አለው፣ ለኮምፒውተር ደሞ ስድስት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ሬጀክስ ላይ `[ሂሒኂ][ሳሣ]ብ` ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ጽሁፉን ከመፈለጋችሁ በፊት ማስተካከል ምትችሉ ከሆነ ግን ከሱ ይሻላል፣ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ቀይሩና ከዛ ፈልጉ፣ ኪወርዳችሁንም በዛው ስርዓት መቀየር እንዳትረሱ፣ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ የነበረውም ይጠፋል።

በላቲን ፊደል አማርኛ ሚጽፈው ሰውም አለ፣ yeleaf፣ beleaf፣ keleaf እያለ። ሙሉ ቃል ሲበራ leaf ሚለው እነዚህን አያገኝም፣ ስለዚህ ለየብቻ ይግቡ። beleaf ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በእንግሊዝኛ believe በሚለው ቃል ሲጫወቱ እንደዛ ሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ እሱ ያለ deresegn ወይ hisab ብቻውን እንዳያልፍ።

ምልክት 4፦ ትናንት 30 ይመጣ ነበር፣ ዛሬ ሁለት

በአንድ ቀን እንዲህ ከወረደ ሰው ስለናንተ ማውራት አቁሞ አይደለም፣ መጨረሻ የተነካውን ፊልተር እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሚያስቀር ቃል ነው። ኒሳንን አስቀርተናል አይደል፣ አሁን አንድ ያገለገለ መኪና ሚሸጥ ሰው "Nissan ሸጬ ደረሰኙን ሊፍ አፕ ላይ ላኩለት፣ አሪፍ ነው" ብሎ ጻፈ። ይሄ ወርቅ የሆነ ፖስት ነው፣ ፊልተሩ ግን ኒሳን ስላየ ጣለው። ለዚህ ነው ከላይ ባለው አጻጻፍ NOT ከደካማው ቅንፍ ውስጥ ያለችው፣ "ሊፍ አፕ" ሚለው ጠንካራ ስም ስለሆነ በላይኛው መስመር ያልፋል ኒሳን ኖረም አልኖረም። NOTን መጨረሻ ላይ ከሁሉም ቅንፍ ውጪ ካስቀመጣችሁት ግን ሁለቱንም መስመር ነው ምትቆርጠው።

እኔ አንዴ ለምሰራለት ድርጅት free ሚለውን ቃል አስቀርቼ ነበር፣ free gift ሚሉ ስፓሞች ስለበዙብኝ። ስፓሙ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ ለሶስት ሳምንት ግን "free ፕላን ላይ ተቀነሰብኝ" እያለ ሚጮህ ደንበኛ ሁሉ አብሮ ጠፍቶ ነበር፣ ያወቅነው አንዱ ደውሎ ለምን አትመልሱም ሲል ነው። ከዛ ወዲህ ደንበኛ በቅሬታ ውስጥ ሊጠቀምበት ሚችለውን ቃል ብቻውን አስቀርቼ አላውቅም፣ ሁለትና ሶስት ቃል ሆኖ ስፓሙን ብቻ ሚገልጽ ሀረግ ነው ማስቀረው።

ሌላው የቅንፍ ነገር ነው። ይሄን እዩ፦

```
leaf OR leafapp invoice -nissan
```

የጻፈው ሰው ያሰበው ሁለቱም ስም ላይ invoice ይኑር፣ ኒሳን አይኑር ነው። የኤክስ ኤፒአይ ላይ ግን ጎን ለጎን የተጻፉት ቀድመው ነው ሚያያዙት፣ OR በኋላ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ "ወይ leaf ብቻውን፣ ወይ ደሞ leafapp ከinvoice ጋር ያለ ኒሳን" ሆኖ ይነበባል እና ኒሳኑ በሙሉ ይገባል። ሌላ ቱል ደሞ በተቃራኒው ORን ያስቀድማል። የትኛው የትኛውን እንደሚያስቀድም ከማስታወስ ሁሌም ቅንፍ ማድረግ ይቀላል።

ጎግል አለርትስ ምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ How many ሚለውን እዩት፣ Only the best results ላይ ከሆነ ጎግል ራሱ መርጦ ነው ሚልክላችሁ፣ ትንሽ ሰው ስለሚያነበው ገጽ ላይ የተጻፈ ቅሬታ ላይመረጥ ይችላል፣ All results አድርጉት። እሱ ግን በዋናነት ድረ ገጾችን እንጂ የሶሻል ሚዲያ ፖስቶችን እንደማይሸፍን እወቁ።

ምልክት 5፦ ያው ፖስት ሰላሳ ጊዜ

ይሄ ቀላል ነው። ሼርና ሪትዊት፣ አንድን ዜና ገልብጠው ሚለጥፉ ገጾች፣ የራሳችሁ አካውንትና የሰራተኞቻችሁ ናቸው። የራሳችሁን በአካውንት ስም አስቀሩ፣ በቃል አይደለም። የተገለበጠውን ደሞ ሊንኩን፣ ኢሞጂውንና ክፍተቱን አውጥታችሁ የቀረው ጽሁፍ አንድ ከሆነ አንድ ላይ ሰብስቡት። ግን አትሰርዙት፣ ቁጥሩን ያዙት፣ አንድ ቅሬታ በሁለት ሰአት ውስጥ ሰላሳ ጊዜ ሼር ከተደረገ አንድ አለርት ሆኖ ይምጣ ሰላሳ ሚለው ግን አጠገቡ ይታይ፣ አንገብጋቢ መሆኑን ሚነግራችሁ እሱ ቁጥር ነው።

ምልክት 6፦ ኢንቦክሱ ንጹህ ሆኗል ግን ምን እንዳመለጠን አናውቅም

እዚ ነው አብዛኛው ሰው ሚያቆመው፣ እኔ ደሞ ሚጀመረው እዚ ጋ ነው ባይ ነኝ። በፊልተር የወደቀውን አትሰርዙት፣ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ይግባ፣ ገለባ በሉት። ሰፊው ፍለጋ (leaf ወይም ሊፍ ያለበት ሁሉ) ይቀጥል፣ ፊልተሩ ሚወስነው ፖስቱ የቱ ፎልደር እንደሚገባ ብቻ ነው። ከዛ በሳምንት አንዴ ከገለባው 200 በእጣ አውጥታችሁ አንብቡ።

በቁጥር እንየው። በሳምንት ሰፊው ፍለጋ 2000 ፖስት አመጣ እንበል። ፊልተሩ 180 አሳለፈ፣ ሁሉንም አነበባችኋቸው፣ 90 የኛ ናቸው። ግማሽ በግማሽ፣ ከ6 በመቶ ተነስቶ እዚ መድረስ ጥሩ ነው። ገለባው ውስጥ 1820 አለ። ከነሱ 200 አውጥታችሁ ስታነቡ ሶስት የኛ የሆነ አገኛችሁ። ሶስት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሶስት ከ200 ማለት 1.5 በመቶ ነው፣ የ1820 1.5 በመቶ ደሞ ወደ 27 ነው። ስለዚህ በሳምንቱ የኛ የነበሩት 90 ሲደመር 27፣ ወደ 117 ናቸው፣ የያዝነው ከመቶው 77 ገደማውን ነው ማለት ነው። ከአራት ደንበኛ አንዱ ገደማ ሳይሰማ ቀርቷል።

አሁን ሶስቱን ፖስቶች ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ እያንዳንዱ የቱ ህግ ላይ እንደወደቀ እዩ። በኛ ምሳሌ አንዱ "በሊፍ ላክሁት ግን ሰውየው አልደረሰኝም ይላል" ነው፣ የስራ ቃል የለውም፣ ላክሁትና አልደረሰኝም ሚሉት ዝርዝራችን ውስጥ አልነበሩም። ሁለተኛው ሒሣብ ብሎ የጻፈ ነው። ሶስተኛው leaf ብሎ ጀምሮ receipt ሚለው ከ14 ቃል በኋላ ነው የመጣው። ሶስት ማስተካከያ አደረግን፦ ላክ እና አልደረሰ ሚሉትን ግንዶች ጨመርን፣ ፊደሉን አስተካከልን፣ ለእንግሊዝኛው ብቻ ርቀቱን ወደ 15 አሰፋን። በሚቀጥለው ሳምንት 215 አለፈ፣ 112 የኛ። በፊልተሩ ያለፈው ገለባ ትንሽ ጨመረ፣ 13 አለርት ብቻ ነው፣ የኛ ሚያዘው ግን በ22 ጨመረ። እኔ ይሄን ልውውጥ ሁሌ እቀበላለሁ፣ አንድ ሰው አስር ተጨማሪ ገለባ ለማለፍ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ያመለጠ ደንበኛን ግን ምንም አይመልሰውም።

በሁለተኛው ሳምንት ከገለባው 200 አንብባችሁ ምንም ካላገኛችሁስ? ጨረስን እንዳትሉ። ከ200 ዜሮ ስታገኙ በስታቲስቲክስ የሶስት ህግ ሚባል አለ፣ 3ን ለ200 ታካፍላላችሁ፣ እውነተኛው መጠን በ95 በመቶ እርግጠኝነት እስከ 1.5 በመቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ1785 ፖስት ውስጥ እስከ 27 ድረስ አሁንም ሊኖር ይችላል። የሶስት ሳምንቱን ናሙና ደምራችሁ 600 ላይ ዜሮ ካገኛችሁ ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል፣ ያኔ ነው ትንሽ መተንፈስ ሚቻለው፣ በመሃል ፊልተሩን ካልነካካችሁ።

ምልክት 7፦ ገለባውም ውስጥ የለም፣ ግን ሰው ስለኛ ጽፎ ነበር

ናሙናው ሚያሳየው ሰፊው ፍለጋ ካመጣው ውስጥ የወደቀውን ነው፣ ፍለጋው ጭራሽ ያላመጣውን አያሳይም። ይሄን ለማወቅ በሌላ መንገድ የመጡ ፖስቶች ያስፈልጋሉ፦ ደንበኛ ራሱ ሊንክ የላከላችሁ፣ ሰራተኛ ስልኩ ላይ አይቶ ስክሪንሾት ያደረገው። እነሱን አንድ ቦታ ሰብስቡ፣ ሃያ ሲሞሉ እያንዳንዱን ሲስተማችሁ ውስጥ ፈልጉት። የተያዘ፣ ገለባ የገባ፣ ጭራሽ የሌለ ብላችሁ ክፈሉት።

ጭራሽ የሌሉት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አይነት አያልፉም። ስሙን አሳስቶ የጻፈ፣ ሌፍ ወይ leef ያለ፣ ይሄ በቀላሉ ይጨመራል። ስሙን ፎቶ ላይ ብቻ ያስቀመጠ፣ ስክሪንሾት ለጥፎ "ይሄን እዩልኝ" ያለ፣ ይሄን ምስል ላይ ያለ ጽሁፍ ማያነብ ቱል አያገኘውም። ስሙን ጭራሽ ያልጠራ፣ እናንተ ፖስት ስር ገብቶ "ዛሬም አይከፍትም" ብቻ ብሎ የጻፈ፣ ለዚህ ኪወርድ ምንም አይሰራም፣ የራሳችሁ ፖስቶች ስር ሚመጣውን ኮመንት ሁሉ ያለምንም ቃል ለብቻው መሰብሰብ ነው ያለባችሁ። አራተኛው ዝግ ግሩፕና የግል ቻት ውስጥ የተጻፈው ነው፣ እሱ አይገኝም፣ አገኛለሁ ሚላችሁ ሻጭ ካለ እንዴት ብላችሁ ጠይቁት።

ምልክት 8፦ ለሁለት ወር ደህና ሰርቶ እንደገና ጎርፍ

ቃሉ አዲስ ትርጉም አግኝቷል ወይም ወቅቱ መጥቷል። የሆኪው መደበኛ ውድድር ጥቅምት አካባቢ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይሄዳል፣ ውድድሩ በሌለበት ጊዜ የሰራችሁት ፊልተር ስለሱ ምንም አያውቅም፣ አዲስ የመኪና ሞዴል ሲወጣም እንደዛው ነው። እንዲህ ሲሆን ፊልተሩን ከስሩ አትንቀሉት፣ ከጎርፉ 50 ፖስት ብቻ አውጥታችሁ ሰይሙ፣ በአንድ ክምር ከተሰበሰበ ለዛ ክምር ብቻ ሁለት ቃል ያለው ሀረግ ደካማው መስመር ላይ አስቀሩና ቀኑን አጠገቡ ጻፉበት። ቀን የተጻፈበት ህግ በሚቀጥለው ሶስት ወር ላይ ተነስቶ ይሞከራል፣ ካነሳችሁት በኋላ ጎርፉ ካልተመለሰ ተነስቶ ይቅር።